ለአንድ ወር ሲርቁ ሁሉንም ቀነ ገደብ በአንድ ወር አይግፉ

ጥያቄ፦ «በግሌ የምሠራ የአስተዳደር አማካሪ ነኝ። አራት ዓመት አብሬው የሠራሁት ድርጅት አለ፤ በሳምንት ሦስት ቀን የምሠራው ለእሱ ነው። ከ10 ሳምንት በኋላ ለአራት ሳምንት ከሥራ እርቃለሁ። በእጄ ያሉት ወርሃዊ ሪፖርት፣ በ12ኛው ሳምንት የማስረክበው የግዥ መመሪያ እና በ16ኛው ሳምንት የማስረክበው የአሠራር ዳሰሳ ናቸው። ልሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ነግሬያቸው ሁሉም ቀን በአንድ ወር ይገፋልኝ ልል አስቤያለሁ። ምክንያቴን መናገር አለብኝ? አልፎ አልፎ ኢሜይል አያለሁ ብላቸውስ?»

ሁለት ሳምንት ሲቀር መንገር በጣም ይዘገያል፤ ሁሉንም ቀን በእኩል መግፋትም ሲሰላ አያስኬድም። በዚህ ሳምንት ይንገሯቸው፣ ለእያንዳንዱ ሥራ ለየብቻ ያሰሉትን አዲስ ቀን ያቅርቡ፣ ቀኖቹም በተፈረመ የውል ማሻሻያ ይለወጡ።

ከጊዜው እንጀምር። ዜናውን የሚሰማው ሰው በአብዛኛው ብቻውን አይወስንም። አለቃውን ያማክራል፣ ክፍያ የሚነካ ከሆነ ከፋይናንስ ክፍል ይነጋገራል፣ ከዚያ ፊርማ ይጠይቃል። ይህ በጎ ፈቃድ ባለበት ቤት እንኳ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ውሳኔው ካለቀ በኋላ ደግሞ እርስዎ በሌሉበት ወር ሥራ የሚይዝላቸውን ሠራተኛ ይመድባሉ፣ ሠራተኛው ከእርስዎ ጋር ተቀምጦ ይለማመዳል፤ ለዚህ ሌላ ሦስት ሳምንት ይያዙ። ከመሄድዎ በፊት ያለው የመጨረሻ ሳምንትም ለማረም እንጂ አዲስ ነገር ለመጀመር አይሆንም። ድምሩ ሰባት ሳምንት ገደማ ነው። ዛሬ ቢናገሩ ሦስት ሳምንት መጠባበቂያ ይተርፍዎታል። ባሰቡት ጊዜ ቢናገሩ ግን ደንበኛው የሚመርጠው ነገር ሳይኖረው ሐሳብዎን ይቀበላል፤ ቅሬታው የሚመጣው ከመቅረትዎ ሳይሆን ምርጫ ስላልነበረው ነው። በውልዎ ውስጥ ስለ ቅድመ ማስታወቂያ የተጻፈ አንቀጽ ካለና ከዚህ የረዘመ ጊዜ የሚጠይቅ ከሆነ እሱን ይከተሉ። የሚሄዱበትና የሚመለሱበት ቀን ሳይቆረጥ «ምናልባት ልሄድ እችላለሁ» ማለትም አይጠቅምም፤ ደንበኛው እቅድ ሊያወጣበት የማይችለው ስጋት ብቻ ይሆንበታል።

አሁን ወደ ዋናው ስሌት እንምጣ። አንድ ወር መቅረት አንድ ወር ብቻ የሚያስከፍል ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከተመለሱ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሳምንት የተጠራቀመ ደብዳቤ በማንበብ፣ የተለወጠውን በመጠየቅና ያቋረጡትን ሐሳብ መልሶ በመያዝ ያልፋል። ያንን ሳምንት በግማሽ ይቁጠሩት። ይህ ማለት በሳምንት ሦስት ቀን የሚሰጡ ከሆነ በ15ኛው ሳምንት በእጅዎ ያለው አንድ ቀን ተኩል ነው። በ16ኛው ሳምንት መጨረሻ የተጠራቀመው አራት ቀን ተኩል፣ በ17ኛው ሰባት ተኩል፣ በ18ኛው አሥር ተኩል፣ በ19ኛው አሥራ ሦስት ተኩል ይሆናል። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ያኑሯቸው፤ እያንዳንዱ ቃል ኪዳንዎ የሚመዘነው በእነሱ ነው።

የሚቀረው እያንዳንዱ ሥራ ስንት ቀን እንደሚፈጅና ከእነዚያ ቀኖች ውስጥ የእርስዎ እጅ የግድ የሚያስፈልገው የቱ ላይ እንደሆነ መለየት ነው። የእርስዎን ትክክለኛ ቁጥር ስለማላውቅ ለዚህ ዓይነት ሥራ የተለመደ ግምት ወስጄ ልሥራው፤ እርስዎ በራስዎ ቁጥር ይተኩት።

የግዥ መመሪያው ረቂቅ አሥራ ስምንት የሥራ ቀን ይቀረዋል እንበል። እስከ 8ኛው ሳምንት መጨረሻ ሃያ አራት ቀን አለዎት፤ በዚያ መሀል የሚወጡት ሁለት ወርሃዊ ሪፖርቶች እያንዳንዳቸው ሁለት ቀን፣ በድምሩ አራቱን ይወስዳሉ፣ ሁለቱ ለስብሰባና ለድንገተኛ ይሄዳሉ፣ አሥራ ስምንቱ ለረቂቁ ይቀራል። ስለዚህ ረቂቁ በ8ኛው ሳምንት መጨረሻ ይደርሳቸዋል፤ ባይሄዱም ኖሮ ከዚያ በፊት አይደርስም ነበር። ደንበኛው አስተያየት ለመስጠት ሦስት ሳምንት ይወስድበታል፤ ይህም እስከ 11ኛው ሳምንት ነው፤ እርስዎ ያኔ የሉም። እዚህ ላይ ብዙ አማካሪ የሚሠራው ስህተት ረቂቁን አጣድፎ በ6ኛው ሳምንት ለማስረከብ መሞከር ነው። ጥራቱ ይወርዳል፣ አስተያየቱ ይበዛል፣ መጨረሻ ላይም የደንበኛው ምላሽ በ10ኛው ሳምንት ሐሙስ ይመጣና ቸኩለው ያልታረመ ሰነድ ትተው ይሄዳሉ። የሚሻለው የእርስዎን መቅረት ለእነሱ የአስተያየት ጊዜ ማድረግ ነው። ረቂቁ በመጀመሪያው እቅድ በተባለው ቀን ይድረሳቸው፣ በ9ኛው ሳምንት አብረዋቸው ሁለት ሰዓት ተቀምጠው ምዕራፍ በምዕራፍ ያብራሩላቸው፣ እነሱም የተጠቃለለ አስተያየታቸውን እስከ 13ኛው ሳምንት መጨረሻ ያዘጋጁ። ሦስት ሳምንት የነበረው የማንበቢያ ጊዜ አምስት ሆነላቸው። 14ኛው ሳምንት ለሚያዘገይ ክፍል መጠባበቂያ ነው።

አስተያየቱ ከአምስት ሰው በአምስት ፋይል ከመጣ ግን የመጨረሻው ማስተካከያ ሦስት ቀን መሆኑ ቀርቶ ስድስት ይሆናል። እርስ በርሱ የሚቃረን አስተያየት ሲመጣ በተለመደው ጊዜ ስልክ ደውለው ይጠይቃሉ፤ በዚያ ወር ግን አይችሉም። ስለዚህ ከረቂቁ ጋር አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ይላኩ፦ የአንቀጽ ቁጥር፣ አስተያየት፣ የቀረበው አማራጭ ጽሑፍ፣ በመጨረሻ የተወሰነው። አራተኛውን ዓምድ የሚሞላው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ስሙም በማሻሻያው ውስጥ ይጠቀስ።

የአሠራር ዳሰሳው የተደበቀው ችግር ነው። ቀነ ገደቡ 16ኛው ሳምንት ስለሆነ፣ ማለትም ከተመለሱ በኋላ ስለሚውል፣ ብዙዎች «ይህኛውን አይነካውም» ብለው ያልፉታል። ሥራው ግን አሥራ ሁለት ቀን ነው፤ ስድስቱ መረጃ መሰብሰብ፣ ስድስቱ መተንተንና መጻፍ። መረጃ የመሰብሰቡ ሥራ የተቀመጠው ልክ በማይኖሩበት ወር ነው። ከመመለሻዎ በኋላ የሚውሉ ቀነ ገደቦችን ሁሉ አንድ በአንድ ወደኋላ እየቆጠሩ የመጀመሪያ እርምጃቸው መቼ እንደሚወድቅ ይመልከቱ። ሲመለሱ የሚፈርሱት እነዚህ ናቸው።

ለዳሰሳው መፍትሔው መረጃውን የደንበኛው ሠራተኞች እንዲሰበስቡ ማድረግ ነው፤ ይህ የሚሳካው ግን ቅጹ ተሞክሮ ከሆነ ብቻ ነው። በ9ኛው ሳምንት ቅጹን ያዘጋጁ፣ በ10ኛው ሳምንት መጀመሪያ በአንድ ክፍል ብቻ ያስሞሉ፣ የተሞላውን ራስዎ ያንብቡ። ሁለት ሰዎች አንዱን ጥያቄ በተለያየ መንገድ ከተረዱት ጥያቄው መታረም አለበት። ለምሳሌ «አንድ ግዥ ስንት ቀን ይፈጃል?» የሚለውን አንዱ ከጥያቄው ቀን፣ ሌላው ከጨረታው መክፈቻ ቆጥሮ ይሞላዋል፤ አራት ሳምንት ቆይተው ሲመለሱ የሚያገኙት ሊነጻጸር የማይችል ቁጥር ይሆናል። ጥያቄው «ጥያቄው ከቀረበበት ቀን ዕቃው እስከገባበት ቀን» ቢል ይህ አይደርስም። በቅጹ ራስጌ ላይ በትክክል የተሞላ አንድ ምሳሌ ያስቀምጡ። የተሞሉት ቅጾች በሙሉ እስከ 14ኛው ሳምንት መጨረሻ በአንድ ማህደር ውስጥ ይግቡ።

ወርሃዊ ሪፖርቱ ቀላሉ ነው። በማይኖሩበት ጊዜ የሚወድቀው አንድ ነው፤ በ12ኛው ሳምንት። የሪፖርቱ ግማሽ ቁጥር ነው፣ ግማሹ ትንታኔ። ቁጥሩን ድሮም የሚልክልዎት የደንበኛው የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነ ሰንጠረዦቹን ራሱ ይሙላና በቀኑ ይውጣ። ትንታኔው በ16ኛው ሳምንት ከሚወጣው ሪፖርት ጋር ይጣመር። የ16ኛው ሳምንት ሪፖርት በዚህ ምክንያት ሁለት ቀን መሆኑ ቀርቶ ሦስት ቀን ይፈጃል።

አሁን ይደምሩ። ከተመለሱ በኋላ የሚጠብቅዎት ሪፖርቱ ሦስት ቀን፣ መመሪያው ሦስት ቀን፣ የዳሰሳው ትንተና ስድስት ቀን፣ በአጠቃላይ አሥራ ሁለት ነው። ሪፖርቱ በ16ኛው ሳምንት መጨረሻ ያልቃል። ሪፖርቱና መመሪያው አብረው ስድስት ቀን ይፈልጋሉ፣ በ16ኛው ሳምንት ግን ያለዎት አራት ቀን ተኩል ብቻ ነው፤ ስለዚህ መመሪያው 17ኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ይውላል። አሥራ ሁለቱ ቀን የሚሞላው በ19ኛው ሳምንት ነው፤ አንድ ቀን ተኩልም ይተርፋል። እንግዲህ ልብ ይበሉ፦ የሪፖርቱ ሰንጠረዥ ምንም አልተገፋም፣ መመሪያው አምስት ሳምንት ተገፋ፣ ዳሰሳው ሦስት ሳምንት ተገፋ። አራት ሳምንት የተገፋው የ12ኛው ሳምንት ሪፖርት ትንታኔ ብቻ ነው። ሁሉንም በአንድ ወር ቢገፉ ኖሮ መመሪያውን በ16ኛው ሳምንት ቃል ገብተው በተመለሱ በሁለተኛው ሳምንት ያፈርሱት ነበር። እረፍት ጠይቆ አዲስ ቀን ያገኘ ሰው ያንኑ ቀን ሲያሳልፍ ደንበኛው የመጀመሪያውን ስምምነትም አብሮ ይቆጥርበታል።

ቀኖቹን ከማቅረብዎ በፊት ስለ እያንዳንዱ ሥራ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ይህን ሰነድ ከእናንተ ቀጥሎ የሚጠብቀው ማን ነው? ዳሰሳው በ18ኛው ሳምንት ለቦርድ የሚቀርብ ከሆነ የሦስት ሳምንት ግፊቱ ዋጋ የለውም፤ ቦርዱ የሚሰበሰበው በእርስዎ ምቾት አይደለም። በዚያን ጊዜ ያለው አማራጭ ሙሉው ሰነድ በ19ኛው ሳምንት እንዲቆይ አድርጎ ዋና ዋና ግኝቶችን የያዘ አራት ወይም አምስት ገጽ ለቦርዱ ማድረስ ነው። ለዚህም መመሪያው ወደ 19ኛው ሳምንት ቦታውን ይለቃል። ወርሃዊ ሪፖርቱ ለባንክ ወይም ለገንዘብ ሰጪ የሚሄድ ከሆነም ትንታኔውን ማዘግየት አይቻል ይሆናል። ደንበኛው ራሱ ሊያንቀሳቅሰው የማይችለውን ቀን እንዲያንቀሳቅስ አይጠይቁት።

የአራት ዓመት ደንበኛ ከመሆኑ የሚመጣ ሌላ ጉዳይ አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውል ውስጥ ያልተጻፉ ሥራዎች ተጠራቅመዋል፦ ሥራ አስኪያጇ ለስብሰባ ከመግባቷ በፊት የምትደውልልዎት፣ የግዥ ኃላፊው ደብዳቤ ከመላኩ በፊት የሚያሳይዎት፣ አዲስ ሠራተኛ ሲገባ የሚያስረዱት። ያለፉትን ሦስት ወራት ኢሜይልና የስልክ መዝገብ ይክፈቱና ከሪፖርት፣ ከመመሪያና ከዳሰሳ ውጪ የተጠየቁትን ሁሉ ይዘርዝሩ። ከዝርዝሩ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ሦስት ወይም አራት ጉዳይ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ከግማሽ ገጽ ያልበለጠ ማስታወሻ ጽፈው ይተዉ፤ ማን ይመልሰው፣ መልሱ የት ፋይል ውስጥ አለ፣ የትኛው ጉዳይ እስኪመለሱ ይቆያል። ደንበኛው በዚያ ወር የእርስዎ መቅረት የሚሰማው ከትልልቆቹ ሰነዶች ይልቅ በእነዚህ ነው።

ኢሜይል አልፎ አልፎ አያለሁ የሚለውን ይተዉት። ለደንበኛው «አለ» ማለት ነው፤ ስለዚህ ውሳኔውን ለእርስዎ መልስ ያቆያል፣ የመደቡትም ሠራተኛ በራሱ አይወስንም። እርስዎም ያላረፉ፣ ያልሠሩም ሆነው ይመለሳሉ። ወይ ፈጽሞ እንደማይገኙ ይናገሩ፣ ወይ አንድ መንገድና አንድ ሁኔታ ብቻ ይክፈቱ። ለምሳሌ፦ «ጨረታ የሚያስቆም አቤቱታ ከቀረበ በዚህ ስልክ አጭር መልእክት ይላኩልኝ፤ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ እመልሳለሁ።» አስቸኳይ የሚባለው ምን እንደሆነ ካልተጻፈ ሁሉም አስቸኳይ ይሆናል።

ምክንያትዎን የመናገር ግዴታ የለብዎትም። «በግል ጉዳይ ከሥራ እርቃለሁ» በቂ ነው፤ አራት ዓመት አብረው የሠሩት ሰው ከጠየቀዎት በቃል ሊነግሩት ይችላሉ፤ በደብዳቤው ውስጥ ግን አያስገቡት። ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፣ ነገ ሌላ ሰው ያነበዋል። ረጅም ምክንያት ሲጻፍ ማስታወቂያው ፈቃድ መጠየቂያ ይመስላል፤ ደንበኛውም ስለ ቀኖቹ መወያየቱን ትቶ ምክንያቱን መመዘን ይጀምራል። ሁለቱን በግልጽ ይለዩ፦ ከሥራ መራቅዎ ማስታወቂያ ነው፣ የቀኖቹ ለውጥ ግን የእነሱን ስምምነት የሚፈልግ ሐሳብ ነው። ውልዎ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ እንዲገኙ የሚያስገድድ ቃል ካለው መራቁም ጭምር ስምምነት ይፈልጋል፤ ደብዳቤውን ከመጻፍዎ በፊት ያንን አንቀጽ ያንብቡ።

ተተኪ አማካሪ ላምጣ ብለው ካሰቡም አስቀድመው ውሉን ይመልከቱ። ብዙ የምክር ውሎች ሥራውን በስም የተጠቀሰው ባለሙያ ብቻ እንዲሠራ ያዛሉ፤ ሌላ ሰው የሚገባው በደንበኛው የጽሑፍ ፈቃድ ነው፤ የምስጢር ጥበቃው ግዴታም ተተኪውን እንዲያካትት መፈረም አለበት። ለአራት ሳምንት ሲባል ድርጅቱን የማያውቅ ሰው ማስገባት ለእርስዎ ሁኔታ የሚመከር አይደለም። ሰውየው ሲለምድ እርስዎ ይመለሳሉ። ተተኪ የሚያስፈልገው የውጭ ቀነ ገደብ በዚያው ወር ውስጥ ሲወድቅና የደንበኛው ሠራተኛ ሊሸፍነው ሳይችል ሲቀር ነው።

ገንዘቡን ሳይጠየቁ ያንሱት። ወርሃዊ ቋሚ ክፍያ የሚቀበሉ ከሆነ ያልሠሩበት ወር ክፍያ በዝምታ እንዲገባ መተው መተማመኑን ይጎዳል፤ የሒሳብ ክፍሉ አንድ ቀን ማግኘቱ አይቀርም። ለእርስዎ የሚስማማው የዚያን ወር ክፍያ አቁሞ የውሉን መጨረሻ በአንድ ወር ማራዘም ነው፤ የውሉ ድምር አይቀንስም፣ ደንበኛውም ያላገኘውን አይከፍልም። በማስረከቢያ የሚከፈሉት ላይ ግን ለራስዎም ያስቡ። የመመሪያው ክፍያ ከ12ኛው ወደ 17ኛው ሳምንት ሄዷል፤ ደንበኛው ደረሰኝ ከደረሰው በ30 ቀን የሚከፍል ከሆነ ገንዘቡ የሚገባው ከ21ኛው ሳምንት በኋላ ነው። የወሩ ክፍያም ከተቋረጠ ሁለቱ ክፍተቶች ይደራረባሉ። ረቂቁ በ8ኛው ሳምንት በቀኑ ስለሚደርስ ከመመሪያው ክፍያ ግማሹ በረቂቁ ርክክብ እንዲከፈል መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ከሥራው አብዛኛው ያኔ አልቋል።

የሚያስጠነቅቀው ትልቁ ነገር ይህ ነው። የደንበኛው አስተባባሪ በኢሜይል «ችግር የለም፣ መልካም ጊዜ» ብሎ ቢመልስልዎት ቀኑ ተለውጧል ማለት ላይሆን ይችላል። አብዛኛው ውል ማሻሻያ የሚጸናው ሁለቱም ወገን በጽሑፍ ሲፈርሙ ነው ይላል፤ የሚፈርመውም ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ውሉ ውስጥ የመዘግየት ቅጣት ካለ የሚቆጠረው ከድሮው ቀን ነው፤ አስተባባሪው ሥራ ለቆ ሌላ ሰው ቢተካ የሚያነበው ውሉን ነው። የሚያስፈልግዎት አንድ ገጽ ማሻሻያ ብቻ ነው፦ የሚለወጠው አንቀጽ ቁጥር፣ የድሮው ቀን፣ አዲሱ ቀን፣ አዲሱ የውል ማብቂያ፣ «ሌሎቹ አንቀጾች እንደነበሩ ይጸናሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት ፊርማ።

አነጋገሩን በስልክ ወይም በአካል ይጀምሩ፤ አራት ዓመት የሠራ ሰው ዜናውን በደብዳቤ መስማት የለበትም። አሥር ደቂቃ ይበቃል፦ ቀኖቹን ይንገሩ፣ ሦስቱን ሥራዎች እንዴት እንዳሰቡ ይጥቀሱ፣ ከውጭ የታሰረ ቀን እንዳለ ይጠይቁ። ደብዳቤውን በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይላኩ፤ የሰሙትን አስገብተው። ቅርጹ ይህን ይመስላል፤ በሳምንት ቁጥር ፈንታ ግን ትክክለኛውን ቀን ያስገቡ፣ «በ16ኛው ሳምንት» የሚለውን አንዱ ሰኞ ሌላው ዓርብ አድርጎ ያነበዋልና።

«ጉዳዩ፦ ከሥራ የምርቅበትን ጊዜ ስለማሳወቅና የማስረከቢያ ቀኖችን ስለማስተካከል

በስልክ እንደተነጋገርነው ከ11ኛው ሳምንት መጀመሪያ እስከ 14ኛው ሳምንት መጨረሻ ከሥራ እርቃለሁ፤ በ15ኛው ሳምንት ሰኞ እመለሳለሁ። በእጄ ላሉት ሥራዎች የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

የግዥ መመሪያው ረቂቅ በመጀመሪያው እቅድ መሠረት በ8ኛው ሳምንት መጨረሻ ይደርሳችኋል። የተጠቃለለ አስተያየታችሁ እስከ 13ኛው ሳምንት መጨረሻ ከደረሰኝ የመጨረሻውን ቅጂ በ17ኛው ሳምንት መጨረሻ አስረክባለሁ። የ12ኛው ሳምንት ሪፖርት ሰንጠረዦች በሒሳብ ክፍላችሁ ተሞልተው በቀኑ ይወጣሉ፤ የሁለቱ ወራት ትንታኔ በ16ኛው ሳምንት ሪፖርት ውስጥ ይጠቃለላል። የአሠራር ዳሰሳው መረጃ እኔ በማዘጋጀውና በማስሞክረው ቅጽ በሠራተኞቻችሁ ተሰብስቦ እስከ 14ኛው ሳምንት መጨረሻ ከተሟላ ሰነዱን በ19ኛው ሳምንት መጨረሻ አስረክባለሁ። አስተያየቱ ወይም መረጃው ከተባለው ቀን ካለፈ የማስረከቢያው ቀን በዚያው ልክ ይገፋል።

የዚያ ወር ክፍያ ተቋርጦ የውሉ ማብቂያ በአንድ ወር እንዲራዘም፣ ከመመሪያው ክፍያ ግማሹም በረቂቁ ርክክብ እንዲፈጸም እጠይቃለሁ። የማሻሻያውን ረቂቅ አያይዣለሁ። ከእነዚህ ቀኖች የማይስማማችሁ ካለ እስከ 3ኛው ሳምንት መጨረሻ ብታሳውቁኝ ሌላ አማራጭ ለማዘጋጀት ጊዜ ይኖረኛል።»

ደብዳቤው ውስጥ ይቅርታ የሚል ቃል እንደሌለ ያስተውሉ። ጥፋት የለም። «ይመቻችሁ ይሆን?» የሚል ክፍት ጥያቄም የለም፤ ሙሉ ሐሳብ ቀርቦ የማይስማማው እንዲለይ ነው የተጠየቀው። ለሥራ የተጣደፈ ሰው ባዶ ወረቀት ከመሙላት ይልቅ የተጻፈውን ማረም ይቀለዋል።

ከዚያ በኋላ ዝምታ ከሆነ ዝምታውን እንደ ስምምነት አይውሰዱ። በአምስተኛው የሥራ ቀን ይደውሉ፤ 3ኛው ሳምንት ካለፈ ደግሞ ፈራሚው ማን እንደሆነ ጠይቀው በቀጥታ ያነጋግሩት። ማሻሻያው እስከ 5ኛው ሳምንት ካልተፈረመ ችግር መኖሩን ይወቁ፤ ብዙውን ጊዜ የክፍያው ለውጥ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ቆሟል ማለት ነው። ያኔ ክፍያውን ከቀኖቹ ነጥለው የቀኖቹን ማሻሻያ ብቻ ያስፈርሙ፤ ገንዘቡ ሲመለሱም መነጋገር ይቻላል። እንደዚሁ ረቂቁ በ8ኛው ሳምንት ካልደረሰ የ17ኛው ሳምንት ቃል ኪዳን በዚያኑ ቀን ፈርሷል፤ ያኔውኑ ይናገሩ እንጂ ሲመለሱ አይደለም።

በ10ኛው ሳምንት አዲስ ሥራ አይቀበሉ። ያ ሳምንት የቅጹን ሙከራ ለማረም፣ ፋይሎችን ደንበኛው በሚደርስበት ማህደር ውስጥ ለማስቀመጥ፣ የተመደበው ሠራተኛ ማህደሩን በራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ እያንዳንዱን ሰነድ ማግኘቱን አብረው ተቀምጠው ለማየት ነው። ይህን የመጨረሻውን በስልክ አይጨርሱት፤ የይለፍ ቃል የማይሠራው ሁልጊዜ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው። ለ15ኛው ሳምንት ሰኞና ማክሰኞም ስብሰባ አይያዙ። ረቡዕ ከሠላሳ ደቂቃ ያልበለጠ አንድ ንግግር ከአስተባባሪው ጋር ይቀጥሩ፤ የአስተያየቱ ሰንጠረዥና የተሞሉት ቅጾች ያኔ ተሟልተው ካላገኟቸው አዲሱን ቀን እዚያው ንግግር ላይ ያስታውቁ።